የሠራተኞች መመሪያ ሲተረጎም ግዴታው እንዳይላላ፣ ፈቃዱም ግዴታ እንዳይሆን

የሠራተኞች መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ ላይ ነው። «ማቅረብ አለበት»፣ «ማቅረብ ይችላል» እና «ቢያቀርብ ይመረጣል» ክብደታቸው ለየቅል ነው። አንዱ በሌላው ሲተካ ጽሑፉ ያው ጥሩ አማርኛ ሆኖ ይነበባል፤ ስህተቱም ሳይታይ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ፣ አንድም ቃል ሳትተረጉሙ ምንጩን አንብቡና «ማስት»፣ «ሻል»፣ «ሹድ»፣ «ሜይ» እና «ኒድ ኖት» ባሉበት ሁሉ ኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጉ፦ ለግዴታ «ግ»፣ ለክልከላ «ክ»፣ ለፈቃድ «ፈ»፣ ለምክር «ም»፣ ከግዴታ ነጻ ለመሆን «ነ»። ምልክቱ የሚሰጠው ለትርጉሙ እንጂ ለቃሉ አይደለም። «ሜይ ኖት» በመመሪያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ክልከላ ነው። «አገልግሎቱ በበዓላት ቀን ላይኖር ይችላል» በሚል ዓይነት ማሳሰቢያ ላይ ግን የሚናገረው ስለ ዕድል ስለሆነ ከአምስቱ አንዱንም አያገኝም።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ የአማርኛ አዘጋግ ምረጡና እስከ መጨረሻው አትለውጡት። ለግዴታ «አለበት»፣ ለክልከላ «የተከለከለ ነው»፣ ለፈቃድ «ይችላል»፣ ለምክር «ቢያደርግ ይመረጣል»፣ ለነጻነት «ግዴታ የለበትም» ይበቃሉ። ቃል መደጋገም ያስጠላል ብሎ ማፈራረቅ እዚህ አይሠራም፤ ሠራተኛው አዘጋጉ ሲለወጥ ደንቡም የተለወጠ ይመስለዋል። «ይገባል»ን ጭራሽ ብትተዉት ይሻላል። ለአንዱ ትእዛዝ፣ ለሌላው ምክር ነው። «ይገባዋል» ሲሆን ደግሞ «የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባዋል» እንደምንለው መብት ይሆናል።

አሁን አንድ አንቀጽ እንሥራ። ምንጩ ስለ ሕመም ፈቃድ ሦስት ነገር ይላል እንበል። የመጀመሪያው በ«ማስት» (ግ)፣ ሁለተኛው በ«ኒድ ኖት» (ነ)፣ ሦስተኛው ለድርጅቱ በተሰጠ «ሜይ» (ፈ) የተጻፈ ነው። የችኮላ ትርጉሙ ይህን ይመስላል፦

«ሠራተኛው የሥራ ሰዓቱ ከመጀመሩ በፊት ለቅርብ ኃላፊው ማሳወቅ ይገባዋል። ለአንድ ቀን ቀሪነት የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ የለበትም። ከአንድ ቀን ለበለጠ ቀሪነት ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግዴታውን አላልቶታል። የባሰው ሁለተኛው ነው። በአማርኛ «ማቅረብ የለበትም» ሁለት ፍቺ አለው፦ «ባያቀርብም ችግር የለም» እና «እንዳያቀርብ»። በእንግሊዝኛው ነጻነት የነበረው እዚህ ክልከላ መስሎ ሊነበብ ይችላል። «ማስት ኖት»ንም በዚሁ «የለበትም» የምትተረጉሙ ከሆነ፣ አንባቢው ሁለቱን የሚለይበት ነገር አይኖረውም። በሦስተኛው ላይ ጠያቂው ጠፍቷል። «ሊጠየቅ ይችላል» በሕግ ጽሑፍ ሥልጣን ቢሆንም፣ በሥራ ቦታ የሚያነበው ሰው «ምናልባት ይጠየቅ ይሆናል» ብሎ ሊወስደው ይችላል። ሲታረም፦

«ሠራተኛው የሥራ ሰዓቱ ከመጀመሩ በፊት ለቅርብ ኃላፊው ማሳወቅ አለበት። ለአንድ ቀን ቀሪነት የሐኪም ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የለበትም። ከአንድ ቀን ለበለጠ ቀሪነት ድርጅቱ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል።»

እዚህ ላይ «ሲጠየቅም ማቅረብ አለበት» ብሎ መጨመር ያጓጓል፤ ነገሩም የማይቀር ይመስላል። ግን ምንጩ ያላለውን ግዴታ ተርጓሚው ማውጣት አይችልም። ክፍተቱን ለመመሪያው ባለቤት ጠቁሙ እንጂ አትድፈኑት።

ሲያልቅ ምንጩን ላላየ ሰው አማርኛውን ብቻ ስጡትና ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ «ይህን ባያደርግ ያጠፋል?» እና «ይህን ቢያደርግ ያጠፋል?» ለመጀመሪያው «አዎ» ካለ ግዴታ፣ ለሁለተኛው «አዎ» ካለ ክልከላ ነው። ለሁለቱም «አይ» ካለ ፈቃድ፣ ነጻነት ወይም ምክር ነው፤ ሦስቱን አዘጋጉ ይለያቸዋል። መልሱን ኅዳጉ ላይ ካደረጋችሁት ምልክት ጋር አስተያዩና ያልገጠመውን ብቻ እንደገና ሥሩ። «ያጠራጥራል» ካለ አልገጠመም ብላችሁ ቁጠሩት።

«ሹድ» ብቻ ከዚህ ሁሉ በኋላም ሊያስቸግር ይችላል። የመመሪያ ጸሐፊዎች ትሕትና ፈልገው ግዴታን በ«ሹድ» የሚጽፉበት ጊዜ አለ። በመመሪያው የዲሲፕሊን ምዕራፍ ውስጥ ያንኑ ድርጊት ፈልጉ፤ ባለመፈጸሙ ቅጣት ከተጻፈበት በምክር አዘጋግ መተርጎም ሠራተኛውን ያሳስታል። ያም ሆኖ በራሳችሁ «አለበት» አትበሉት፤ የሰው ኃይል ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን ከትርጉሙ ጋር አስቀምጡ።