ሁለተኛው አጋማሽ ላይ እግሩ የሚከዳው ልጅ፦ የፕሮቲን ችግርና መፍትሄ

ይህ በየቀኑ ልምምድ ለሚሠራ ታዳጊ ኳስ ተጫዋች ነው። እንቅልፉን፣ የሚጠጣውን ውሃና የጫማውን ልክ አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ። እነዚያ ሳይስተካከሉ ስለ ፕሮቲን ማውራት ጊዜ መግደል ነው።

ችግር፦ 60ኛው ደቂቃ ላይ ያልቃል፣ ማልያው ይሰፋዋል፣ የጭኑ ሕመም አይለቀውም

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ብትሄዱ የምትሰሙት ይህንኑ ነው። ልጁ ሰኞ ደህና ነው። ረቡዕ እግሩ ይከብዳል። ዓርብ ኳስ ሲመጣለት አንድ እርምጃ ይዘገያል። ወላጅ "ፕሮቲን አንሶት ነው" ይላል። ግማሽ እውነት አለው። ከዚያ ግን በቀጥታ የቆርቆሮ ዱቄት ፍለጋ ይወጣል፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፣ ተያይዘው ነው የሚመጡት። አንደኛው፣ ልጁ በቀን የሚበላው ጠቅላላ ምግብ ያንሳል። ሰውነት ለሩጫ የሚሆነውን ጉልበት ከእንጀራና ከዳቦ ካላገኘ፣ ለጡንቻ መጠገኛ የመጣውን ፕሮቲን ያነደዋል። ስለዚህ ምሳ ሳይበላ ለሚሠለጥን ልጅ እንቁላል መጨመር ብቻውን ብዙም አይረዳም። ሁለተኛው፣ ፕሮቲኑ ሁሉ እራት ላይ ይከማቻል። ጡንቻ ግን ቀኑን ሙሉ ነው የሚጠገነው። በየሦስት አራት ሰዓቱ ከ15 እስከ 20 ግራም ቢደርሰው፣ ማታ አንድ ላይ ከሚጫንበት ይሻለዋል።

ለእንዲህ ዓይነት ልጅ በቀን የሚበቃው ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1.2 እስከ 1.8 ግራም ፕሮቲን ነው። እኔ 1.4 ይዤ እነሳለሁ። ከላይኛው ልክ ማለፍ ጡንቻ አይጨምርም፤ ትርፉ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። አንዲት እናት ደሴ ላይ መጥተው "አሰልጣኝ፣ ልጄ መነመነብኝ፤ የሚጠጣውን ዱቄት ንገረኝ" አሉኝ። "እትዬ፣ ዱቄቱ ይቆየን። መጀመሪያ ትናንት የበላውን ይንገሩኝ" አልኳቸው። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፣ 54 ኪሎ ይመዝናል፣ የመስመር ተከላካይ ነው። ልምምዱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል።

ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ወደ 8 ግራም። ምሳ አንድ እንጀራ በሽሮ፤ እንጀራው 8፣ ሽሮው 6፣ በድምሩ 14። ከልምምድ በኋላ ምንም። እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀራ በምስር ወጥ፣ ወደ 18። ሲደመር 40 ግራም ነው። በ1.4 ሲሰላ የሚፈልገው ወደ 75 ነው። ከምሳ እስከ እራት ደግሞ ስምንት ሰዓት ያህል ባዶውን ነው፤ ልምምዱም ያለው እዚያው መሃል ላይ ነው።

እናትየው "ሽሮ እኮ በየቀኑ ይበላል" አሉ። እውነት ነው፣ ሽሮ ጥሩ የፕሮቲን ምግብ ነው፤ 100 ግራም ዱቄት ወደ 20 ግራም ይይዛል። ግን ሰው የሚበላው ዱቄቱን ሳይሆን ወጡን ነው። ጢም ያለ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 3 ግራም ፕሮቲን ገደማ አለው። ለልጁ የደረሰው የሁለት ማንኪያ ድርሻ ነው፣ ቀሪው ውሃና ዘይት። መለያው ቀላል ነው፤ ሽሮው እንጀራው ላይ ሲፈስ ዳር ድረስ ከሮጠ ቀጥኗል። መሃል ላይ ተቆልሎ ቀስ ብሎ ከወረደ ደህና ነው።

ሌላም ጉድ አለ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ የተፈጨ ሽሮ በበቆሎ ወይም በስንዴ ዱቄት የበዛ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ በበርበሬ ስለሚሸፈን ዓይን አይለየውም። ሽንብራና አተር ገዝቶ ቤት ቆልቶ ማስፈጨት የተሻለ ነው። ይህን ስል "ጊዜ የለንም" የሚሉኝ ሰዎች ለዱቄት ፕሮቲን ግን አዲስ አበባ ድረስ ሰው ይልካሉ።

መፍትሄው እንዲህ ሆነ። ጠዋት ዳቦው ላይ ሁለት የበሰለ እንቁላል ተጨመረ፤ 12 ግራም፣ በድምሩ 20። ምሳ ላይ ሽሮው ወፈረ፣ ድርሻው አራት ማንኪያ ሆነ፤ ከእንጀራው ጋር 20። ከልምምድ በኋላ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት 8 ግራም፣ የሽንብራ ቆሎና ለውዝ ተቀላቅሎ ጥሩ እፍኝ 10፤ በድምሩ 18። እራቱ እንዳለ ቀረ። ድምሩ 76 ደረሰ። ሥጋ አልጨመርንም፣ ቆርቆሮም አልተገዛም። የእንጀራው መጠንም እንዳይቀንስ፣ ይልቁንም ከልምምድ በፊት በ9 ሰዓት ገደማ ሙዝ ወይም ዳቦ እንዲበላ ተነገረው። ፕሮቲኑ ለጡንቻ እንዲተርፍ የሚያደርገው ይህ ነው።

ከሁሉም የሚረሳው የ12 ሰዓቱ ነው። "ቤት ደርሶ ይበላል" ይባላል፤ ቤት ሲደርስ ይታጠባል፣ የቤት ሥራ ይይዛል፣ ወጡ አልደረሰም። ቆሎው በላስቲክ ታስሮ ቦርሳው ውስጥ ይግባ፤ ሜዳው ዳር፣ ጫማውን እየፈታ ይብላው። ወተቱ ቤት ይጠብቀው። ወተትን ቀኑን ሙሉ በቦርሳ ይዞ መዞር አይሆንም፤ በተለይ ኮምቦልቻና ከሚሴ ሙቀት ላይ። እፍኙን ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር መከፋፈሉ አይቀርም፤ የሁለት ሰው ቋጥሩለት።

መሻሻሉን ለማየት በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ሳይበላ ይመዘን። በየቀኑ መመዘን ያሳስታል፣ የምታዩት የውሃውን መውጣትና መግባት ነው። በሚያድግ ልጅ ላይ ክብደት ሦስት አራት ሳምንት በተከታታይ ከወረደ ምግቡ አልበቃም። አመጋገቡ ተስተካክሎም መውረዱ ከቀጠለ ጤና ጣቢያ ነው መሄድ ያለበት።

ችግር፦ ዱቄቱን ገዝተናል፣ ለውጥ የለም

አንድ ልጅ ትልቅ ቆርቆሮ ይዞ ሜዳ መጣ። በአንድ ጊዜ አራት ማንኪያ በጥብጦ ጠጣ፤ ማሟሟቂያው ሳያልቅ ሆዱን ይዞ ሮጠ። ቁርስ በልተሃል ወይ ስለው "አይ፣ ዱቄቱ አለ ብዬ" አለኝ። ቆርቆሮው "ማስ ጌይነር" የሚባለው ዓይነት ነበር። ከጀርባው ስታነቡት አብዛኛው ካርቦሃይድሬት ነው፣ ብዙውም ስኳር። የስኳር ውሃ በውድ ገዙ ማለት ነው።

ደህና የሚባለውም ዱቄት ቢሆን በአንድ ማንኪያው 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። ይህ የአራት እንቁላል ወይም የሦስት ብርጭቆ ወተት ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ለታዳጊ አላዝም። ያልተጻፈ ነገር የተቀላቀለባቸው ዱቄቶች በዓለም ላይ በተደጋጋሚ ተገኝተዋል፤ ውድድር ላይ በአበረታች መድኃኒት የሚያስቀጣም ሊኖርበት ይችላል። ማኅተሙ የተነካ፣ በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ ወይም ቀኑ ያለፈ ከሆነማ ወደ አፉ አይቅረብ።

ቤት የሚሠራው መጠጥ ይሄ ነው፦ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ አንድ ሙዝ። ወደ 16 ግራም ፕሮቲን አለው። በሶ በወተት ቢበጠበጥም ጥሩ ነው። በሶ በውሃ ግን የጉልበት መጠጥ እንጂ የፕሮቲን አይደለም፤ ከልምምድ በፊት ይጠጣ። ኃይል ሰጪ እየተባለ በጣሳ የሚሸጠው መጠጥ ፕሮቲን የለውም፤ ያለው ካፌይንና ስኳር ነው። ታዳጊ አይጠጣውም። አይጠጣውም!

ችግር፦ ወተት ሲጠጣ ሆዱ ይነፋል

የወተቱን ስኳር መፍጨት የማይችል ሆድ ብዙ ነው። ወደ እርጎ ወይም አይብ ቀይሩት፤ አብዛኛው ልጅ ይስማማዋል። ወተት ከልምምድ በፊት አይሰጥም። ያልፈላም አይሰጥም፤ ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። እርጎውም ከፈላ ወተት ይሠራ። "ጥሬው ነው ኃይል ያለው" የሚል አባት አይጠፋም። ጥሬ እንቁላልም እንደዚሁ ነው፤ ሰውነት ከበሰለው እንቁላል ፕሮቲን የሚያገኘው ከጥሬው ይበልጣል። ጥሬ ሥጋ ደግሞ ኮሶ ያመጣል።

ችግር፦ ጾም ሲገባ አቅሙ ይወድቃል

ወሎ ውስጥ አንድ ቡድን ላይ ግማሹ ዐቢይ ጾምን፣ ግማሹ ረመዳንን ይጾማል፤ አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ይገጣጠማሉ። አሰልጣኝ የሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ለክርስቲያኑ የሚጎድለው የምግቡ ዓይነት ነው። እንቁላልና ወተቱ በጥራጥሬ ይተካ፦ ወፍራም ምስር፣ ክክ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ስልጆ፣ ለውዝ። ጥራጥሬ ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ ስለዚህ የቀን ድምሩ እስከሞላ ድረስ ያለ ሥጋ ይሠራል። መጠኑ ግን ከፍስኩ ከፍ ይበል። የሐይቅ ቆሮሶ አለ፤ 100 ግራም የበሰለ ዓሣ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይዟል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለየቤታችሁ ትቻለሁ። እስከ ቀትር የሚጾም ከሆነ ከባዱን ልምምድ ጠዋት አታድርጉት።

ለሙስሊሙ የሚጎድለው ሰዓቱ ነው። ልምምዱን ከማፍጠሪያው በፊት ካለው የመጨረሻ ሰዓት ጋር አገናኙት፣ ቀለል አድርጉት፤ ከባዱ ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። ማፍጠሪያው ላይ ቴምርና ውሃ፣ ከዚያ የምስር ሳንቡሳና ሾርባ፤ ቀጥሎ እራት። ስሑር ላይ እንቁላልና እርጎ የግድ ነው። ስሑር ሳይበላ ተኝቶ ያደረን ልጅ በዚያ ቀን አታሩጡት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ገርጥቶ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ልጅ የብረት እጥረት ሊኖርበት ስለሚችል ደሙ ይታይ፤ ሻይና ቡናም ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ቆይቶ ይጠጣ።

የሴት ተጫዋች ወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ምግቧ አንሷት ሊሆን ይችላል፤ ዝም አይባልም፣ ሐኪም ትይ።

ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻው ካበጠ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ልጅ ከላይ የጻፍኩትን መጠን በራሱ አይጀምር፤ የሚታከምበት ሐኪም ይወስንለት።