የሶላር ፋኖስ ቶሎ ሲጠፋ፦ ጥፋቱ የፀሐይ ነው፣ የባትሪ ነው ወይስ የአምራቹ?

እኛ ሰፈር፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚሰማው የሆቴሎቹ ጄኔሬተር ሲሆን፣ ቀጥሎ የሚሰማው «ይህ ፋኖስ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ አልነበረም እንዴ?» የሚለው የየቤቱ ጥያቄ ነው። ከጣና በሚወጣ ውኃ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ እኛ ሐይቁ ዳር ፋኖስ መምረጣችን ግር ይላል፤ ሆኖም የምንኖርበት ሁኔታ ይኸው ነው። የጎረቤትና የዘመድ ፋኖስ ለዓመታት ስከፍትና ስዘጋ የተረዳሁት አንድ ነገር አለ፦ ሰው ሁሉ «ይህ ብራንድ አይረባም» ብሎ የሚያመጣልኝ ዕቃ ግማሽ ያህሉ ምንም ጉድለት የሌለበት ሲሆን፣ የተቀረው ግማሽ ደግሞ ገና ሱቅ ውስጥ እያለ በማስመሪያ ብቻ ሊታወቅ ይችል የነበረ ነው። ስለዚህ ሌላ ብራንድ ከመግዛት በፊት ያለውን መመርመር ይቀድማል።

ምልክት፦ ፋኖሱ ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ ከአንድ ሰዓት በታች ያበራል

ለዚህ ምልክት ሁለት ፍጹም የተለያዩ መንስኤዎች አሉት። አንደኛው ባትሪው ያልተሞላ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ባትሪው ተሞልቶም የሚይዘው ትንሽ መሆኑ ነው። የሚለያቸው ፈተና ቀላል ነው። ፋኖሱ በስልክ ቻርጀር የሚሞላ ከሆነ፣ መብራት ባለበት ቀን የሙላት ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ከግድግዳ ይሞላ፤ ከዚያ በከፍተኛው ብርሃን ተበርቶ እስኪጠፋ የቆየበት ሰዓት ይጻፍ። በማግስቱ በፀሐይ ብቻ ተሞልቶ ፈተናው ይደገም። ከግድግዳ ተሞልቶ ረጅም፣ ከፀሐይ ተሞልቶ አጭር ጊዜ ካበራ ችግሩ ፓኔሉ ወይም የተቀመጠበት ቦታ ነው። በሁለቱም አጭር ከሆነ ችግሩ ባትሪው ነው። ከግድግዳ የማይሞላ ፋኖስ ከሆነ ደግሞ ሳይበራ ለሦስት ጥርት ያሉ ቀናት ፀሐይ ላይ ውሎ ይፈተን።

አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። ባለፈው በጋ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ፋኖሳቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው አመጡና «አንተ ልጅ፣ ይህን ነገር ወይ አድነው ወይ ጣልልኝ» አሉኝ። ፓኔሉ ላይ 15 ዋት፣ ፋኖሱ ላይ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከፀሐይ ተሞልቶ 40 ደቂቃ፣ ከግድግዳ ተሞልቶ 2 ሰዓት በራ። እንግዲህ ሁለቱም መንስኤዎች አንድ ላይ እንደነበሩበት ከዚህ ይታያል።

«እትዬ፣ ፓኔሉን የት ነው የሚያኖሩት?» ስላቸው «መስኮቱ ላይ፣ ሌባ እንዳይወስደው» አሉኝ። መስኮቱ ከውስጥ የተዘጋ መስታወት ሲሆን ከላዩ የቆርቆሮው ክፈፍ ጥላ ያርፍበታል። በመስታወትና በአቧራ ከሚጠፋው ብርሃን ይልቅ ጥላው ይብሳል፤ በትንንሽ ፓኔሎች ላይ ሴሎቹ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሴል ብቻ ሲጋረድ የፓኔሉ ኃይል በሙሉ ክፉኛ ይወርዳል። ፓኔሉን ጣሪያው ላይ በሽቦ አሰርንላቸው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ጥላ እንዳያርፍበት አደረግን። ከዚያ በኋላ ከፀሐይ ተሞልቶም 2 ሰዓት መብራት ጀመረ። የፀሐዩ ጉዳይ በዚህ አለቀ፤ ለዚህ ብራንድ መውቀስ አይገባም ነበር።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውምና። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፓኔልን ወደ ደቡብ በትንሹ አዘንብሎ መትከል ለዓመቱ አብዛኛው ክፍል ትክክል ነው። ነገር ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያልፋል፤ በሐምሌ ጥርት ያለ ቀን ከተገኘ በቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ሲወድቅ ማየት ይቻላል። ስለዚህ ፓኔሉ ወደ ደቡብ በጣም ከዘነበለ፣ ደመናው የቀረውን ብርሃን በሚሻማበት ወራት ጭራሽ ይጎዳል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዝንባሌ ይበቃል፤ ይህም ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ያስችላል።

ወደ ባትሪው ስንመለስ፣ ፋኖሱን ስከፍተው ውስጡ አንድ ብቻ ክብ የሊቲየም ሴል አገኘሁ፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መጠን የሚሠራ ምርጥ የሊቲየም ሴል እንኳ የሚይዘው 3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው፤ 10,000 የሚባለው ቁጥር ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ሊገባ አይችልም። በቴስተር ስለካው መብራቱ ግማሽ አምፒር ይወስዳል። ግማሽ አምፒር ለ2 ሰዓት ማለት 1,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፤ ከተጻፈው አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። በእውነተኛ 3,000 ሴል ስንቀይረው 6 ሰዓት ያህል አበራ።

ሴል ሲቀየር ዓይነቱ አንድ መሆን አለበት። ተራው ሊቲየም ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ግን 3.6 ቮልት አካባቢ መቆም ይኖርበታል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው በተሠራ ቻርጅ መቆጣጠሪያ ላይ ማስገባት ባትሪውን ከልክ በላይ መሙላት ስለሆነ አደገኛ ነው። ያበጠ ባትሪ ካጋጠመ አይሞከርም፤ ከቤት ይውጣ።

ምልክት፦ ለሁለት ወር መብራት ሳይጠፋ ቆይቶ፣ በጠፋ ቀን ፋኖሱ ጨርሶ አልነሳ አለ

ይህ ገጠር ውስጥ ፋኖስን በየማታው የሚጠቀም ሰው እምብዛም የማያውቀው፣ እንደ እኛ መብራት የሚመጣና የሚሄድበት ከተማ በሽታ ነው። ፋኖሱ መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ይከርማል። በውስጡ ያለው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከሆነ፣ የያዘውን ኃይል በራሱ ቀስ በቀስ ያጣል፤ ባዶውን በቆየ መጠን ደግሞ በእርሳሱ ላይ የሚጠነክረው ሰልፌት መልሶ እንዳይሞላ ያደርገዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቻርጅ ላይ ሲደረግ ወዲያው «ሞላሁ» ይላል፣ ሲነቀል በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ዕቃው ለመጠኑ ከባድ ከሆነና ባትሪው ላይ 4 ወይም 6 ቮልት የሚል ከተጻፈበት የእርሳስ ባትሪ ስለመሆኑ ብዙ አያጠራጥርም።

እንዲህ የሆነን ባትሪ ለአንድ ሁለት ቀን ሳያቋርጡ በመሙላት ጥቂት ማንሳት ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን ጊዜ ማባከን ነው እላለሁ። መፍትሄው በሚቀጥለው ግዢ ላይ ነው፦ ለተጠባባቂነት የሚገዛ ፋኖስ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ያለው ይሁን። ይህ ባትሪ ተቀምጦ ሲቆይ የሚያጣው ኃይል ጥቂት ብቻ ነው፤ ከተራው ሊቲየም ይልቅም ለብዙ ጊዜ መሙላትና መጠቀም ይታገሣል። ካርቶኑ ላይ የባትሪው ዓይነት ካልተጻፈ፣ አለመጻፉ ራሱ መልስ ነው።

ምልክት፦ በበጋ ደህና የነበረ፣ በሐምሌ የማይረባ

ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። በእውነት 5 ዋት የሚሰጥ ፓኔል በበጋ ቀን፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 17 ዋት ሰዓት ያህል ያስገባል። ሰማዩ ጥቅጥቅ ባለ ደመና በዋለ ቀን የዚህን ሲሶ ካገኘን ዕድለኞች ነን። በላዩ ላይ የስማርት ስልክ ባትሪ ብቻውን 19 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ፣ በክረምት ስልክ ከፋኖስ መሙላት ማለት ጨለማ መምረጥ ነው። መብራት በመጣች ሰዓት ስልኩንም ፋኖሱንም ከግድግዳ መሙላት ይሻላል፤ ስለዚህ እኛ አገር የሚገዛ ፋኖስ በሁለቱም መንገድ የሚሞላ መሆን አለበት።

እንግዲህ የትኛው ብራንድ?

ሱቅ ሲገባ ማስመሪያ ይያዝ። የፓኔሉ ጥቁር ክፍል ርዝመትና ስፋት በሴንቲ ሜትር ይባዛ፤ እያንዳንዱ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከ2 ዋት ብዙ አይበልጥም። የጎረቤቴ ፓኔል 20 በ15 ነበር፤ 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ 6 ዋት ማለት ነው። 15 ዋት ብሎ የለጠፈ አምራች ስለ ባትሪውም እውነት ይናገራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ግሽ ዓባይ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ስለካ ሻጩ «ጨርቅ ልትገዛ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ከለካሁለት በኋላ ግን ሌላውን ካርቶን ራሱ አወረደልኝ።

ሁለተኛው ማጣሪያ ቬራሶል ነው። ይህ ቀድሞ ላይቲንግ ግሎባል ሥር ይካሄድ የነበረው የጥራት ማረጋገጫ ሥራ ተተኪ ሲሆን፣ ተፈትነው ያለፉትን data.verasol.org ላይ ይዘረዝራል። ፈተናው አምራቹ የጻፈው ቁጥርና የተለካው ተቀራራቢ መሆናቸውን ያያል፤ ለፋኖስ ቢያንስ የ1 ዓመት ዋስትናም ይጠይቃል። ዲ ላይት እና ሰን ኪንግ፣ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ግሪንላይት ፕላኔት ይባል የነበረው፣ ብዙ ሞዴሎቻቸው በዚህ መንገድ ያለፉ አምራቾች ናቸው። ነገር ግን የሚያልፈው ሞዴሉ እንጂ የድርጅቱ ስም አይደለም፤ ስለዚህ የሚፈለገው ካርቶኑ ላይ ያለው የሞዴል ስም ነው። የታወቁ ስሞች ደግሞ በቀለምና በቅርጽ ይመሰላሉ፦ አንድ ፊደል የተቀየረ ስም፣ ወይም ካርቶኑ ላይ ያለው ሞዴል ከፋኖሱ ሥር ካለው የተለየ ከሆነ ዕቃው ይመለስ።

ሁለትና ሦስት አምፖል ያለውን የቤት ኪት ለሚገዛ ሰው ከሁሉ በላይ የምመክረው የፓኔሉን ገመድ ጫፍ እንዲያይ ነው። አንዳንድ ኪት የራሱ ብቻ የሆነ ሶኬት አለው፤ ገመዱን አይጥ ከቆረጠው ወይም የሐይቁ ዳር እርጥበት ጫፉን ካዛገው፣ መለዋወጫው ከተማው ውስጥ ከሌለ ደህናው ባትሪ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ሻጩ ገመዱንና አምፖሉን ለብቻቸው ይሸጥ እንደሆነ ከክፍያ በፊት ይጠየቅ፤ «አለ» ካለ አውጥቶ ያሳይ።

የዋስትና ወረቀቱ ላይ ሞዴሉ፣ የሽያጩ ቀንና የሱቁ ማኅተም ይኑርበት። ዕቃው ቤት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ያ የሰዓት ፈተና ይደረግና ውጤቱ ከዚያው ወረቀት ጀርባ ይጻፍ፤ ከስድስት ወር በኋላ 6 ሰዓት የነበረው 2 ሰዓት ሲሆን ለሻጩ የሚታየው ያ ጽሑፍ ነው።