በላይዋ ሲወለድባት፦ ትንሿን ልጅ ለታናሿ መምጣት እንዴት እናዘጋጃት?

የሁለት ዓመት ልጅ ታናሽ ሲመጣባት የምትከፋው በሕፃኑ ብቻ አይደለም። ብዙ ቤት እንደሚሆነው በአንድ ሳምንት ውስጥ ጡት ትነጠቃለች፣ ከእናቷ አልጋ ትወርዳለች፣ አያቷ ቤት ትላካለች፣ ስትመለስ ደግሞ ቦታዋ ላይ ሌላ ልጅ ተኝቶ ታገኛለች። ዋናው ሥራ እነዚህን ለውጦች ከወሊዱ ቀድሞ፣ አንድ በአንድ ማድረግ ነው።

ደብረ ብርሃን የምትኖር፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የምትወልድ እናት እንውሰድ። ልጇ ሁለት ዓመት ሞልቷታል፣ አሁንም ትጠባለች፣ እናቷ ጎን ትተኛለች።

መጀመሪያ አልጋው። ይህን ከጥምቀት በኋላ ጀምሩት። በዚያ ብርድ ልጅን ለብቻ አስተኙ አልልም። ከአባቷ ወይም ከአያቷ ጋር ሌላ አልጋ ላይ ትተኛ። አራስ ልጅ አጠገብ ትንሽ ልጅ ማስተኛት አደጋም አለው፤ እንቅልፍ ላይ ልትጫነው ወይም ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ልትስበው ትችላለች።

ቀጥሎ ጡቱ። እርግዝና ሲገፋ ወተቱ ስለሚቀንስ አንዳንድ ልጆች ራሳቸው ይተዋሉ። ካልተወች የካቲት ላይ የቀኑን አስቀሩ፤ በዚያ ሰዓት ወተት፣ አጥሚት ወይም እንቁላል ስጧት። ሲለመድ ወደ ማታው እለፉ። እሬት መቀባት ይቅር። ስታለቅስ የምትሸሸግበት ጡት ድንገት ሲመራት፣ የከፋችው ልጅ የባሰ ትከፋለች። ማስጣሉ እስከ መጋቢት መጨረሻ ካላለቀ የመጨረሻው ወር ላይ አትታገሏት። እርግዝናው ጤናማ ከሆነና ሐኪም ካልከለከለ መጥባቷ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ስትወልዱ ግን እንገሩን አራሱ ይቅደም።

ወሬውን መቼ ትስማ? የሁለት ዓመት ልጅ ወር አትቆጥርም። ሆዱ በደንብ ሲታይ፣ ሁዳዴ ላይ፣ «ፋሲካ ሲያልፍ ሕፃን ይመጣል» ማለት ይበቃል። «አብሮሽ የሚጫወት ልጅ ይመጣልሻል» አትበሏት፤ የሚመጣው የሚያለቅስና የሚተኛ ልጅ ነው፣ የጠበቀችው ሲቀርባት ትናደዳለች። ይልቅ ጎረቤት አራስ ካለ ይዛችኋት ሂዱ፣ ሲጠባ ትይ።

ለወሊዱ ሰሞን አያቷ ቤት የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብላችሁ አንድ ሁለት ሌሊት አሳድሯት። ያኔ እናት ሄዳ እንደምትመለስ በራሷ ታያለች። ከወሊድ በኋላም ቶሎ አምጧት፤ «እናቷ ትረፍ» ተብሎ ሳምንታት ከቆየች እንደተጣለች ነው የምትቆጥረው።

ስትገባ የእናት እጅ ባዶ ይሁን። ሕፃኑ አልጋው ላይ ይተኛ፣ እናት መጀመሪያ ትልቋን ትቀፍ። ሕፃኑን ማየት ካልፈለገች አትጎትቷት።

አሁን ትልቁ ችግር፣ አራስ ጠያቂው። ገንፎ ቀርቦ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ አንዱ ዘመድ ይነሳና «አንቺማ አለቀልሽ፣ እማዬ ከእንግዲህ የምትወደው ማሙሽን ነው» ይላል። እሱ በፍቅር ነው የሚያሾፈው፣ ልጅቷ ግን እውነት ነው ብላ ትይዘዋለች። ስለዚህ በር ላይ እንግዳ የሚቀበል ሰው፣ አያት ብትሆን ደስ ይላል፣ ትንገራቸው፦ «በቅድሚያ ትልቋን ሰላም በሏት፣ እንደዚያ ያለ ጨዋታ እዚህ ቤት የለም።» ከእናቷ ገንፎ ቀዝቀዝ ያለውን ዳር ዳሩን አብራ ትብላ።

ሕፃኑን ብትመታው? እጇን ያዙ፣ ዝቅ ብላችሁ በአጭሩ «መምታት የለም፣ ያመዋል» በሉ፣ ከዚያ እግሩን በቀስታ መንካት አሳዩዋት። አትምቷት፤ ትንሽ የሆነን ልጅ መምታት እንደሚቻል ነው የምትማረው። «አንቺ እኮ ትልቅ ነሽ» የሚለውም አይጠቅማትም፣ ሁለት ዓመቷ ነው። ለደቂቃም ቢሆን ሁለቱን ለብቻቸው ጥላችሁ አትውጡ።

ሽንቷን መልቀቅ፣ እንደ ሕፃን ማውራት፣ ጡት ስጪኝ ማለት ሊመጣ ይችላል። የተለመደ ነው፣ ካልሰደባችኋትና ካላሳፈራችኋት በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይቀላል። ጡቱን ልቅመሰው ካለች ትቅመስ፤ ብዙዎቹ አንዴ ቀምሰው ይተዉታል። ከሁሉ የሚሠራው ግን ሕፃኑ ሲተኛ በየቀኑ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ እናት ለሷ ብቻ መሆኗ ነው። ስልክ የለም፣ እንግዳ የለም። ጠጉሯን መሥራትም ይሆናል። ሕፃኑ ከነቃ አባት ያንሳው።

አንድ ነገር ግን ቅናት ነው ብላችሁ አትለፉት። ጡት የተወች ልጅ ምግብ እምቢ ካለች፣ ከከሳች፣ ወይም ሁለቱም እግሮቿ ካበጡ የምግብ እጥረት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዷት። እግር ሲያብጥ «ወፈረች» የሚሉ አሉና በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ እዩት፤ ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት ነው።