ፖስቱ አልሄደም? ከማጥፋትዎ በፊት የሚሠሩ ስህተቶች

በቴሌግራም ቻናል ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ከፌስቡክና ከቲክቶክ ይዘውት የሚመጡት አመል አለ፤ ፖስት ሳይሄድ ሲቀር «አልጎሪዝሙ ገደለው» ይላሉ። የቴሌግራም ቻናል ግን የተለጠፈውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ ለአባላቱ በሙሉ ያደርሳል። ከዓይን ምልክቷ አጠገብ ያለው ቁጥር የሚቆጥረው ቻናሉን ወይም ወደ ሌላ ቦታ የተላለፈውን ቅጂ ከፍተው በፖስቱ ላይ ያለፉትን ሰዎች ነው። ቆም ብሎ ያየውንም፣ በአውራ ጣቱ ገፍቶት ያለፈውንም እኩል ይቆጥራል።

በሁለት ሰዓት ውስጥ መፍረድ። ብዙ አባል የቻናሉን ድምፅ አጥፍቶ ነው የሚያስቀምጠው። ማታ ቤቱ ሲገባ ወይም ቅዳሜ ፋታ ሲያገኝ ይከፍትና የሦስት ቀኑን በአንድ ላይ ያያል። ቢያንስ ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ሲያወዳድሩም የሁለት ቀኑን ፖስት ከወር በፊቱ ጋር ሳይሆን ያ ፖስት በሁለተኛ ቀኑ ከነበረው ጋር ይሁን። ይህን ለማወቅ ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ ይቻላል፤ አሰልቺ ቢሆንም ይጠቅማል።

እይታን እንደ ፍላጎት መቁጠር። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የልጆች ጫማ የሚሸጥ 4,000 አባላት ያሉት ቻናል አለ እንበል። አንድ ፖስት በሁለት ቀን ውስጥ ብዙውን ጊዜ 900 ያህል እይታ ያገኛል፤ ስምንት ዘጠኝ ሰውም «አለ?» ብሎ ይጽፋል። ማክሰኞ የተለጠፈው አዲስ ሰንደል ግን 870 ታይቶ ማንም አልጠየቀበትም። ሰዉ መጥቷል፣ አይቷል፣ ሄዷል። ስለዚህ ሰዓቱን መቀየር ምንም አይፈይድም፤ ችግሩ ያለው ፖስቱ ውስጥ ነው። ሲከፍቱት ስድስት ፎቶ፣ ሥሩ «ለዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር። ልጇ 31 ቁጥር የሚያደርግላት እናት ሁለት ነገር ማወቅ ትፈልጋለች፤ 31 አለ ወይ? ስንት ነው? ሁለቱንም ስላላገኘች መጠየቁን ትታ አለፈች። «ከ28 እስከ 33፣ 1,450 ብር» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

ያው ፖስት 350 ብቻ ታይቶ ቢሆን ግን ነገሩ ይለያል። ከፊቱና ከኋላው ያሉት 900 ከደረሱ፣ በዚያው ጠዋት ስንት ነገር እንደተለጠፈ ይቁጠሩ። አሥራ ሁለት ፖስት ተደርድሮ ሲያገኝ ሰው ወደ ታች የምትወስደውን ቀስት ይጫንና መሐል ያለውን ሁሉ ይዘለዋል። ጎረቤቶቹም 350 ከሆኑ ደግሞ የዚያ ፖስት ጥፋት አይደለም፤ ቻናሉ ራሱ መከፈት ቀንሷል። ሰው ጠይቆ ዋጋ ሲሰማ ከጠፋስ? ፖስቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ዋጋውን ወይም የማድረሻውን ክፍያ ይመልከቱ።

ሁሉን በአንዴ ቀይሮ መልሶ መለጠፍ። ፎቶ፣ ዋጋ፣ ሰዓት አንድ ላይ ተቀይረው ሰንደሉ ቢሸጥ የቱ እንደሠራ አይታወቅም። ዋጋና የጫማ ቁጥሩን ብቻ ጨምረው ያንኑ ፎቶ በሌላ ማክሰኞ በዚያው ሰዓት ይልቀቁት። የድሮውን አርሞ መተው አይበቃም፤ የታረመ ፖስት ባለበት ይቀራል፣ ለአባላቱም አዲስ ማሳወቂያ አይላክም።

ስላፈሩበት ብቻ ማጥፋት። ትንሽ የታየ ፖስት ቻናሉን አይጎዳም። ሲጠፋ ግን ሊንኩን ለጓደኛው የላከ ሰው ባዶ ያገኛል፣ ለማወዳደሪያ የሚሆነው ቁጥርም አብሮ ይሄዳል። ዕቃው ካለቀ «ተሸጧል» ብሎ ማረም ይሻላል፤ ዘግይቶ ያየው ሰው «ሌላ ይመጣል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

መጥፋት ያለበትን ማቆየት። የደንበኛ ስምና የሂሳብ ቁጥር የሚታይበት የክፍያ ስክሪንሾት «ይኸው ይገዙናል» ለማለት ከተለጠፈ፣ አሥር ሺህ ሰው ቢያየውም አሁኑኑ ይጥፋ። ያለፈቃድ የተለጠፈ የሌላ ሰው ልጅ ፎቶም እንዲሁ። የባንክ ሂሳብ ቁጥር ተሳስቶ ከወጣ ማረም ብቻውን አያድንም፤ ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው ቅጂ እርማቱን አይቀበልም፣ ዋናው ቢጠፋም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አጥፍተው «በቀድሞው ቁጥር አይላኩ» የሚል አዲስ ፖስት ያውጡ፤ የተላለፈባቸውን ግሩፖች የሚያውቁ ከሆነም እዚያ ያሉትን አስተዳዳሪዎች እንዲያነሱት ይጠይቁ።

ቴሌግራም የቆሻሻ ቅርጫት የለውም። በስህተት ከጠፋ አስተዳዳሪዎች `Recent Actions` ውስጥ ገብተው የተሰረዘውን ማየት የሚችሉት ለ48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ጽሑፉን ከዚያ ላይ ወስዶ እንደ አዲስ መለጠፍ ይቻላል፣ እይታው ግን ከዜሮ ይጀምራል።