የማይክሮዌቭ ሳህን ሲንኳኳ ወይም መዞር ሲያቆም የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት እናት ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ማይክሮዌቫቸውን በጋቢ ጠቅልለው በባጃጅ አስጫኑና ቱሉ ዲምቱ ወዳለችው የጥገና ሱቄ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል ብለውኛል፤ ቀይርልኝ» አሉኝ። ሰካሁት። የመስታወቱ ሳህን ትንሽ ዞር ይልና ቀጭ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል፣ በመጨረሻም ይቆማል። ሞተሩ ግን ደህና ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሳህኑ ሲቆም ወዲያው በሞተሩ መፍረድ። የማይክሮዌቭ ሳህን ሞተር ከታች የተቀመጠች፣ 3 ዋት ገደማ የምትወስድ ትንሽ ነገር ናት። ብዙዎቹ በደቂቃ 5 ወይም 6 ዙር ብቻ ይዞራሉ። አንድ ነገር ሲይዛት ደግሞ ትገፋለች፣ ሲያቅታት ወደ ተቃራኒው ትዞራለች። ስለዚህ ሳህኑ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ወደ ኋላም አይመለስም።

ለማረጋገጥ ሳህኑንና ከሥሩ ያለውን ባለ ጎማ ቀለበት አውጡ። ዘንጉ ላይ የተሰካችውን፣ ሳህኑን ከሞተሩ ጋር የምታገናኘውን ትንሽ ፕላስቲክ ግን እዚያው ተዉአት። አንድ ስኒ ውኃ ጥግ ላይ አስቀምጡ፤ ማይክሮዌቭ ባዶውን አይበራም። ለ15 ሰከንድ ብቻ አብርታችሁ በመስኮቱ ፕላስቲኳን ተመልከቱ። ያለ ችግር ከዞረች ጥፋቱ ከእሷ በላይ ነው፤ ወይ ቀለበቱ፣ ወይ ሳህኑ፣ ወይ የፕላስቲኳ ልክ። ብቻዋን ሆናም እየቆመች ከተመለሰች ከሥሯ የገባ ነገር አለ። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰች ያን ጊዜ ስለ ሞተር እናወራለን። የእማማ ፕላስቲክ እንደ ሰዓት ቀስ ብላ ዞረች።

ሁለተኛው ስህተት ቀለበቱን በዓይን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ማለት ነው። ቀለበቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲታይ ሁልጊዜ ደህና ይመስላል። ሦስቱንም ጎማዎች አንድ በአንድ በጣት ምቱና እዩ፤ እያንዳንዱ በራሱ ሁለት ሦስት ዙር መዞር አለበት። የእማማ ቀለበት ሁለቱ ዞሩ፤ ሦስተኛው ድርቅ ብሎ ቆመ። ገልብጬ ሳየው በጎማውና በመሃሉ ባለው ዘንግ መካከል ሽሮ ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። ጎማው መንከባለል ስላልቻለ ለወራት ሲጎተት ኖሮ አንዱ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጎማ ብታጸዱትም መንኳኳቱን አይተውም፤ ጠፍጣፋው ጎኑ በመጣ ቁጥር ቷ ይላል። ቀለበቱ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

እዚያው ጎማ ላይ ልጃቸው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጎበት ነበር። ያሰበው ለመልካም ነው፤ ነገር ግን ዘይት እዚያ ቦታ ላይ ለአንድ ሳምንት ያቀልልና ከዚያ የወጥ ፍንጣሪውን ሁሉ ይሰበስባል። የእኛ ሰፈር ደግሞ ገና ግንባታው አላለቀም፤ በመስኮት የሚገባው አቧራ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ማስቲሽ ይሆናል። ጎማዎቹ ደረቅና ንጹሕ ሆነው እንዲሠሩ የተፈጠሩ ናቸው፤ ምንም አይቀቡ።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው፣ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምለፋበት ሦስተኛው ስህተት ነው፤ ልኳ ያልሆነ አገናኝ ፕላስቲክ መግጠም። የእማማ የፊተኛዋ ከዕቃ እጥበት ውኃ ጋር አብራ ተደፍታ ጠፍታ ነበር። ከዚያ «ሁሉም አንድ ነው» ተብለው ሌላ ገዙ። ቀዳዳዋ ዘንጉ ላይ ልክክ ብሎ ስለገባ ማንም አልጠረጠራትም። ቁመቷ ግን ከሚያስፈልገው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል።

2 ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል? የሳህኑ ክብደት መሸከም ያለበት በጎማዎቹ ነው። ፕላስቲኳ ሳህኑን መሃሉ ላይ ይዛ ማዞር እንጂ መሸከም ሥራዋ አይደለም። ስትረዝም ሳህኑን ከጎማዎቹ ታነሣዋለች፤ ሳህኑ በአንድ እግር እንደቆመ ሰው ይዋልላል፣ አንዱ ጎን ወደ ጎማው ወድቆ ይንኳኳል፣ ሙሉ ክብደቱም በሞተሩ ዘንግ ላይ ያርፋል። ስታጥር ደግሞ ከሳህኑ ሥር ያሉትን እብጠቶች በደንብ አትይዝም፤ እሷ ትዞራለች፣ ሳህኑ ቆሟል ወይም በየመሃሉ ቀጭ እያለ ያመልጣታል። ጠርዞቿ አርጅተው ሲዶለዱሙም ምልክቱ ይኸው ነው።

መለያው ቀላል ነው። ቀለበቱንና ሳህኑን በቦታቸው አድርጉና በእያንዳንዱ ጎማና በሳህኑ መካከል ቀጭን ወረቀት አስገብታችሁ ጎትቱ። ሳህኑ ጎማው ላይ ካረፈ ወረቀቱ ያዝ ያደርጋል። የእማማ ወረቀት ከሁለቱ ጎማዎች ላይ ያለ ምንም መያዝ ሾልኮ ወጣ።

መለዋወጫ ስትገዙ መርካቶም ሆነ ሰፈር ውስጥ ሦስቱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳህኑን፣ ቀለበቱንና ፕላስቲኳን። የማይክሮዌቭ ሳህን 24.5፣ 27 ወይም 31.5 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስፋቱ እኩል ስለሆነ ብቻ አይገጥምም፤ ከሥሩ ያሉት እብጠቶች ፕላስቲኳ ላይ ልክ መቀመጥ አለባቸው። ቀለበቱን ከአንዱ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ ጀምራችሁ በመሃል አሳልፉና ስፋቱን ለኩ፤ ጎማዎቹ ከሳህኑ ሥር ባለው ክብ መስመር ላይ መሄድ አለባቸው። የፕላስቲኳን ደግሞ የቀዳዳውን ቅርጽ፣ ጥልቀቱንና ቁመቷን እዩ። የረዘመችውን በምላጭ ልከርክማት አትበሉ፤ እኩል አይወጣም። በሽቦ ማሰር ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ሽቦ በማይክሮዌቭ ውስጥ ብልጭታ ያመጣል።

ስለ ጽዳቱ ብዙ አልልም። የደረቀውን በቢላ ወይም በብረት ሽቦ አትፋቁ፤ ቀለሙ ከተላጠ ወለሉ ይዝጋል። ውኃም አታፍስሱ፤ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይወስዳል። አንድ ስኒ ውኃ በተቆረጠ ሎሚ 3 ደቂቃ አሙቁ፣ በሩን ሳትከፍቱ 5 ደቂቃ ተዉት። እንፋሎቱ ሽሮውን ያላላዋል። ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ፕላስቲኳን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሡ፣ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉ፣ ዘንጉ ዙሪያ የቀረውን በስቴኪኒ አውጡ። አንድ ያልፈነዳ የፈንዲሻ ፍሬ እንኳ እዚያ ከገባ ሳህን ያቆማል። ፕላስቲኳ አልነሣ ካለች በቢላ አትፈንቅሏት፤ በአንዳንዱ ሞዴል እንድትወጣ አልተሠራችም።

ሞተሩ ራሱ ከሞተ ግን ቤት ውስጥ ሽፋኑን አትክፈቱ። ውስጥ ያለው ካፓሲተር በሥራ ላይ 2000 ቮልት አካባቢ ይደርሳል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሊገድል የሚችል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሠሪውም ቢሆን አሮጌው ሞተር ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳያነብ አይግጠም፤ የ21 ቮልትም አለ፣ የ30ም፣ የ220ም።

ለእማማ አዲስ ቀለበትና ልኳ የሆነች ፕላስቲክ ገጠምኩላቸው፤ በወረቀት ፈተንኩት፣ ሦስቱም ጎማዎች ያዙ። በማግሥቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ትናንት ወደ ቀኝ ነበር የሚዞረው፤ ዛሬ ወደ ግራ ዞረ፤ ተበላሸ እንዴ?» አልተበላሸም። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ሲነሣ አቅጣጫ አይመርጥም፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይጀምራል። «አይንኳኳም አይደል፣ እማማ?» አልኳቸው። «ኧረ ድምፁም የለ» አሉኝ።