የተተከለ ኩላሊት ክሬቲኒን ሲጨምር፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱና ወደ መፍትሔው

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ለቀጠሮ ሲመጣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚመለከተው ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመውን ቆሻሻ፣ ማለትም የክሬቲኒንን ውጤት ነው፤ ምክንያቱም ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት አልቀበልም ማለት ሲጀምር፣ ማለትም ሪጀክሽን ሲነሳ፣ ታካሚው ራሱ የሚሰማው ነገር ብዙ ጊዜ የለም። በቀደመው ጊዜ ትኩሳት፣ የሽንት ማነስና ኩላሊቱ የተተከለበት የሆድ ግርጌ ሕመም የተለመዱ ምልክቶች ነበሩ። ዛሬ የሚሰጡት መድኃኒቶች የሰውነትን የመከላከል ኃይል አጥብቀው ስለሚገቱ እነዚህ ምልክቶች የሚታዩት አልፎ አልፎ፣ ያውም ዘግይተው ነው።

ክሬቲኒንን ላቦራቶሪው በወረቀቱ ጎን ከሚያትመው ጤናማ ወሰን ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። ውጤቱ መነጻጸር ያለበት ታካሚው ከተረጋጋ በኋላ ከነበረው ከራሱ ቁጥር ጋር ነው። 0.9 የነበረ ሰው 1.2 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ቢሆን ላቦራቶሪው ምንም ምልክት ላያደርግበት ይችላል፤ ጭማሪው ግን ከ30 በመቶ በላይ ስለሆነ ምክንያቱ ሊፈለግለት ይገባል። ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ ለማሳየት፣ ለማስረጃ ያህል የታሰበች አንዲት ታካሚን ከንቅለ ተከላው በፊት ጀምሮ እንከተላለን።

ችግር፦ የደም ዓይነቱ ገጥሞ ሳለ ክሮስማቹ ፖዘቲቭ ሆነ

ታካሚዋ የ34 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ ኩላሊቱን ሊሰጣት ፈቃደኛ ነው፤ የሁለቱም የደም ዓይነት ኦ ነው። ነገር ግን የእሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ከእሷ ሴረም፣ ማለትም ሕዋሳቱ ከተለዩለት የደሟ ፈሳሽ ጋር ሲገናኙ ሞቱ። ይህ ክሮስማች የሚባለው ምርመራ ነው። ፓቴልና ተራሳኪ በ1969 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ክሮስማቹ ፖዘቲቭ ሆኖ ሳለ ከተተከሉት 30 ኩላሊቶች 24ቱ ወዲያውኑ ከሽፈዋል፤ ኔጋቲቭ ከነበሩት 195 ግን እንዲህ የሆኑት 8 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ይህ ምርመራ ከንቅለ ተከላ በፊት የሚደረግ የተለመደ ሥራ ሆነ።

ምክንያቱን ለመረዳት ኤችኤልኤ የተባሉትን ፕሮቲኖች ማወቅ ያስፈልጋል። እነዚህ ፕሮቲኖች ኒውክለስ ባላቸው ሕዋሳት ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል የሚገኙ ሲሆን፣ ሥራቸው በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የፕሮቲን ቁርጥራጭ ወደ ውጭ አውጥቶ ቲ ሴል ለተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ማሳየት ነው። ቲ ሴሎች በቫይረስ የተያዘን ሕዋስ ለይተው የሚያጠቁት በዚህ መንገድ ነው። የሌላ ሰው ኤችኤልኤ ሲገጥማቸውም እንደ ባዕድ ቆጥረው ይነሡበታል። ፕሮቲኖቹ ከሰው ሰው እጅግ የተለያዩ ስለሆኑ፣ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ሙሉ በሙሉ የመግጠማቸው ዕድል በጣም ጠባብ ነው። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ የተደረገው በመንታ ወንድማማቾች መካከል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ኤችኤልኤያቸው አንድ ነው፣ የሚገፋ ባዕድ ነገር የለም።

ወደ ታካሚዋ ስንመለስ፣ ልጆቿ የአባታቸውን ግማሽ ኤችኤልኤ ይዘው ተወልደዋል። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የልጆቹ ሕዋሳት ወደ እሷ ደም ስለሚገቡ፣ ሰውነቷ በባለቤቷ ኤችኤልኤ ላይ ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ ቆይቷል። ደም መውሰድና ቀደም ሲል የተደረገ ንቅለ ተከላም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። የባሏ ኩላሊት ቢተከል ይህ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል የኩላሊቱን የደም ሥሮች በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሊደፍናቸው ይችላል፤ ያን ጊዜ ኩላሊቱን ከማውጣት በቀር የሚደረግ ነገር የለም።

መፍትሔው ሌላ ለጋሽ መፈለግ ነው። በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተመሠረተው በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልገሳ ላይ ስለሆነ፣ የኤችኤልኤ አወራረስ ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የቅርብ ጉዳይ ነው። የኤችኤልኤ ዘረመሎች በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ተቀራርበው ስለሚገኙ በአብዛኛው በጥቅል ይወረሳሉ፤ ልጅ አንዱን ጥቅል ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወስዳል። ስለዚህ ወላጅና ልጅ ሁልጊዜ ቢያንስ በግማሽ ይገጥማሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ደግሞ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከአራት አንድ፣ በግማሽ የመግጠም ከአራት ሁለት፣ ምንም ያለመግጠም ከአራት አንድ ነው።

የታካሚዋ እኅት ሙሉ በሙሉ ገጠመች፤ ነገር ግን የስኳር ሕመም ስለተገኘባት ለጋሽ ልትሆን አልቻለችም። ወንድሟ በግማሽ ገጠመ፤ ክሮስማቹም ኔጋቲቭ ሆነ፤ ኩላሊቱ ከእሱ ተወሰደ። እዚህ ላይ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚያምታቱት ነገር አለ። የኤችኤልኤ አለመግጠም ንቅለ ተከላውን አይከለክልም፤ የሚከለክለው በለጋሹ ኤችኤልኤ ላይ አስቀድሞ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ግጥሚያው በተሻለ ቁጥር ኩላሊቱ ረዘም ላለ ጊዜ የማገልገል ዕድሉ ይጨምራል፤ ሆኖም ግጥሚያቸው ዝቅተኛ የሆነ የትዳር ጓደኛሞች ኩላሊቶች በመድኃኒት እየተደገፉ ለብዙ ዓመታት ይሠራሉ።

ችግር፦ ክሬቲኒኑ በሳምንታት ውስጥ በድንገት ዘለለ

ከንቅለ ተከላው ስምንት ወር በኋላ የታካሚዋ ክሬቲኒን ከ1.0 ወደ 1.7 ወጣ። እሷ ምንም አልተሰማትም። የመጀመሪያው ሥራ ሪጀክሽን ያልሆነውን መለየት ነው፦ ተቅማጥ ወይም የውኃ ጥም ነበረ ወይ፣ የሽንት ኢንፌክሽን አለ ወይ፣ አልትራሳውንዱ የሽንት ቧንቧ መዘጋትን ያሳያል ወይ፣ ቢኬ የተባለው ቫይረስ በደም ውስጥ ይገኛል ወይ፣ ሪጀክሽንን የሚከላከለው መድኃኒት፣ የታክሮሊመስ መጠን በደሟ ውስጥ ስንት ነው? ታክሮሊመስ ሲበዛም ኩላሊቱን ስለሚጎዳ ክሬቲኒን ከፍ ያደርጋል፤ ሲያንስ ደግሞ ለሪጀክሽን በር ይከፍታል፤ ክሬቲኒኑ ብቻውን ሁለቱን አይለይም።

በታካሚዋ ደም ውስጥ ታክሮሊመሱ 2.1 ናኖ ግራም በሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ፤ ከአንድ ወር በፊት 7 ነበር። መድኃኒቷን አላቋረጠችም። ሐኪሙ ሌላ ምን እንደምትወስድ ሲጠይቃት ግን ከሦስት ሳምንት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባት ሕክምና መጀመሯን ተናገረች። ከነቀርሳ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን፣ ጉበትና አንጀት ታክሮሊመስን በፍጥነት እንዲያስወግዱ ያደርጋል። ነቀርሳ በብዛት በሚታይበት አገር ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስለ ታክሮሊመስ ልኬት አንድ ነገር ማከል ተገቢ ነው። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ደሙ የጠዋቱ መድኃኒት ከመወሰዱ በፊት፣ የማታው ከተወሰደ 12 ሰዓታት ያህል ቆይቶ ሲቀዳ ነው። ታካሚው ክኒኑን ውጦ ወረፋ ከያዘ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ይህን ያላወቀ ሐኪም መጠኑን ይቀንሳል፤ ሪጀክሽኑም በሐኪም ትእዛዝ ይጀምራል ማለት ነው።

ከኩላሊቱ በመርፌ የተወሰደው ናሙና፣ ማለትም ባዮፕሲው፣ ቲ ሴሎች በሽንት ቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ ሰርገው መግባታቸውን አሳየ። ይህ በቲ ሴል የሚመጣው አጣዳፊ ሪጀክሽን ነው። ሕዋሳቱ ቆስለዋል፤ ጠባሳ ግን ገና አልተፈጠረም፤ ስለዚህ ጉዳቱ ሊመለስ ይችላል። በደም ሥር ሚታይልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ 500 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን ተሰጣት፤ የነቀርሳው ሕክምና ሳይቋረጥ የታክሮሊመሱ መጠን ተጨምሮ፣ ደረጃው እስኪረጋጋ ድረስ በተደጋጋሚ ተለካ። ክሬቲኒኑ ወደ 1.1 ወረደ። በስቴሮይዱ ባይወርድ ኖሮ ቀጣዩ እርምጃ ቲ ሴሎችን የሚያጠፋው ፀረ ታይሞሳይት ግሎቡሊን ይሆን ነበር፤ እሱ ግን ነቀርሳ ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ በቀላሉ የሚወሰን አይደለም። የነቀርሳው ሕክምና ሲያበቃ ሪፋምፒሲን ስለሚቆም፣ ያን ጊዜ ታክሮሊመሱ በተራው እንዳይንር መጠኑ መልሶ ይቀነሳል።

ባዮፕሲው በትናንሾቹ የደም ሥሮች ውስጥ እብጠትን፣ በግድግዳቸውም ላይ ሲ4ዲ የተባለውን ምልክት ቢያሳይና በደሟ ውስጥ በወንድሟ ኤችኤልኤ ላይ የተነሣ ፀረ እንግዳ አካል ቢገኝ ኖሮ፣ ስቴሮይድ ብቻውን አይበቃም ነበር። በዚያ ጊዜ ፕላዝማውን በመሣሪያ እያወጡ መለወጥና ኢሚውኖግሎቡሊን መስጠት ይጨመራል።

ችግር፦ ክሬቲኒኑ በዝግታ፣ ግን ሳያቋርጥ ይጨምራል

በአምስተኛው ዓመት ቁጥሩ በ18 ወራት ውስጥ 1.1፣ 1.2፣ 1.4፣ ከዚያም 1.6 ሆነ። በሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መታየት ጀመረ፤ የደም ግፊቷም ጨመረ። በየቀጠሮው ያለው ጭማሪ ትንሽ ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት "ታክሮሊመሱ ኩላሊቱን እየጎዳው ነው" ብሎ መጠኑን መቀነስ ነው። ምክንያቱ ሥር የሰደደ ሪጀክሽን ከሆነ ግን ይህ እሳቱን ማባባስ ይሆናል።

ላቦራቶሪው በሴረሟ ውስጥ ከንቅለ ተከላው በፊት ያልነበረ፣ ወንድሟ ኖሮት እሷ የሌላት ዲኪው በተባለው የኤችኤልኤ ዓይነት ላይ ያነጣጠረ ፀረ እንግዳ አካል አገኘ። ከንቅለ ተከላ በኋላ አዲስ ከሚፈጠሩት መካከል ዲኪው ላይ የሚያነጣጥሩት በብዛት ይታያሉ። ቀስ ብለው ሲጠይቋት፣ ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ መድኃኒቱን ሳትወስድ የምትተኛባቸው ቀኖች ብዙ እንደነበሩ ተረዱ። ግማሹ ያልገጠመው ኤችኤልኤ በሰውነቷ ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ መድኃኒቱ በሳሳባቸው ቀናት ሁሉ ለመከላከያ ሕዋሳቷ ይታይ ነበር።

ባዮፕሲው ሌላ ሥዕል ሰጠ፦ የማጣሪያዎቹ ግድግዳ እየተነደለና እየተጠገነ ድርብ ሆኗል፣ የደም ሥሮቹ ውስጠኛ ንብርብር ወፍሯል፣ በቱቦዎቹ መካከል ጠባሳ ገብቷል። አጣዳፊውንና ሥር የሰደደውን ሪጀክሽን በእርግጥ የሚለየው ይህ ጠባሳ ነው። ጊዜ ብቻውን አይለያቸውም፤ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው በአሥረኛው ዓመትም አጣዳፊ ሪጀክሽን ሊይዘው ይችላል። አንድ ናሙና ውስጥ ሁለቱም አብረው ሊገኙም ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሚታከመው የቁስለቱ ድርሻ ነው፣ ጠባሳውን የሚመልስ ሕክምና የለም።

ስለዚህ ለታካሚዋ የተደረገው ኩላሊቱን ለማቆየት የሚረዳው ነው። ታክሮሊመሱ ከ5 ናኖ ግራም በላይ እንዲቆይ ተደረገ፤ ሌላው ሪጀክሽንን የሚከላከል መድኃኒቷ ማይኮፌኖሌት ወደ ሙሉ መጠኑ ተመለሰ፤ ዝቅተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን ቀጠለ፤ የደም ግፊቷንና በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን የሚቀንስ መድኃኒትም ተጨመረ። የማታው ክኒን ሰዓት ከእራት ሰዓቷ ጋር ተቆራኘ። ክሬቲኒኑ 1.6 ላይ ቆመ እንጂ አልወረደም።

ኩላሊቱ አንድ ቀን ሥራውን ቢያቆምና ወደ ዲያሊሲስ ብትመለስ፣ የመድኃኒቶቹ አወሳሰድ ወዲያው የሚቆም ሳይሆን ሁለተኛ ንቅለ ተከላ መታሰቡና አለመታሰቡ ከታየ በኋላ የሚወሰን ነው፤ ድንገት ማቆም በወንድሟ ኤችኤልኤ ላይ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ያበዛዋል። የደም ማነሷም በተቻለ መጠን ደም በመስጠት ሳይሆን ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲሠራ በሚያደርገው በኤሪትሮፖየቲን መርፌና በአይረን ይታከማል፤ እያንዳንዱ ከረጢት ደም አዲስ ባዕድ ኤችኤልኤ ይዞ ስለሚገባ፣ ለቀጣዩ ክሮስማች ሊቀርቡ የሚችሉትን ለጋሾች ቁጥር ያጠብባል።