ማታ መብላት ያወፍራል? በቤታችሁ ሚዛን እንዴት ማረጋገጥ እንደሚቻል

እህቴ ከሥራ ቤት የምትገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። «ከ12 ሰዓት በኋላ የተበላ ሁሉ ስብ ይሆናል» ሲሏት እራት ተወች። ወር ሙሉ ተርባ አደረች፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። በጣም አሳዘነችኝ። ሰውነት ሰዓት አይቶ ስብ አያከማችም። ክብደት የሚጨምረው በሳምንታት ውስጥ በምግብ የገባው ካሎሪ ከተቃጠለው ሲበልጥ ነው።

መጀመሪያ አመዛዘናችሁን አስተካክሉ። ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ምንም ሳትቀምሱ ተመዘኑ። 7 ቀን መዝግቡና ደምራችሁ ለ7 አካፍሉ። የአንድ ቀን ቁጥር ያሳስታል። ማታ አምሽታችሁ ጨው የበዛበት ወጥ ከበላችሁ፣ ጠዋት ምግቡ ገና አንጀታችሁ ውስጥ ነው፤ ጨውም ውኃ ይይዛል። ሚዛኑ ግማሽ ኪሎ ቢጨምር ስብ አይደለም። ብዙ ሰው «የማታ እራት አወፈረኝ» የሚለው ይህን አይቶ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ሰዓቱን ሳትነኩ የምትበሉትን ጻፉ። ከእራት በኋላ ቴሌቪዥን ፊት የምትቆረጥሙትንም አትዝለሉ። ማታ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ተጨማሪው ነው። አንድ እፍኝ ለውዝ፣ 30 ግራም ገደማ፣ 170 ካሎሪ አለው። «በቀን ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ስብ ያቃጥላል» የሚባለውንም እርሱት። ያው ምግብ ለ3 ተከፈለ ለ6፣ ለመፍጨት የሚወጣው ጉልበት ያው ነው።

ከዚያ ዘይቱን ለኩ። በእህቴ ቤት ችግሩ የተገኘው እዚህ ነው። ለሦስት ሰው በሚሠራው ሽሮ ውስጥ ዘይቱ ከጠርሙሱ በግምት ይንቆረቆር ነበር። በሾርባ ማንኪያ ስንለካው 9 ሆነ፤ ለአንድ ሰው 3 ማለት ነው። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል ስለሆነ፣ ከዘይቱ ብቻ 360 ይደርሳታል። በጾም እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ የሚበላ ሰው ክብደት ሲጨምር ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። የድስቱን ዘይት ከ9 ወደ 3 ማንኪያ አወረድነው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እያደረግን አቁላላነው። በቀን 240 ካሎሪ ቀነሰላት፤ በ30 ቀን 7,200። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። እየቆየ ሲሄድ መቀነሱ ይቀዘቅዛል፤ የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለውም ያንሳል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱን አማካይ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ካልወረደ ያልተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል፤ የሻይ ስኳርና የልጆች ትራፊ ቶሎ ይረሳሉ።

ሰዓት ምንም አያደርግም ማለቴ ግን አይደለም። በልቶ ወዲያው መተኛት ቃር ያስነሳል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ ምግብ አትዝለሉ፣ አትቀንሱ።

እህቴ ዛሬም እራቷን የምትበላው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አማካይዋ በ600 ግራም ወርዶ ነበር።